«ይህ 15 ሚሊዮን ለምንድን ነው?»

የበጀት ገምጋሚ ብዕር መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ ከድምሩ በላይ ያለችው መስመር ናት፤ «መጠባበቂያ፣ 10 በመቶ»። ከእሷ በላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ ስም አላቸው፤ ሲሚንቶ፣ ፓምፕ፣ ነዳጅ፣ የሾፌር አበል። ይህችኛዋ ምን እንደምትገዛ አይታወቅም። ገምጋሚው «ለምን 10 ሆነ?» ሲል የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምንይዘው» የሚል ነው። ከዚያ አሥሩ ወደ አምስት ይወርዳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይሰረዛል።

የተቆረጠበት መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ዘዴ ዘይዶ ይመጣል። ሲሚንቶው ላይ ትንሽ፣ ትራንስፖርቱ ላይ ትንሽ፣ ሥልጠናው ላይ ደግሞ ጠርቀም አድርጎ ይጨምራል። መጠባበቂያ የሚባል መስመር የለም፤ ገምጋሚውም የሚቆርጠው ነገር አያገኝም። ችግሩ የሚታየው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። በየመስመሩ የተደበቀ ገንዘብ ባለቤት አለው፤ የሥልጠናው ኃላፊ ሥልጠናው ላይ ያወጣዋል፣ የግዢ ክፍሉም ግዢው ላይ ይጨርሰዋል። ያልታሰበው ነገር ሲመጣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ አልቋል። የትኛው መስመር በምን ያህል እንደተጋነነ የሚያውቀውም አዘጋጁ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ መሀል ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውን መንገድ በሰፊው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ነው (በለንደኑና በኤደንብራው ታሪክ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በ2005 አዘጋጅነቱን ስታሸንፍ ይወራ የነበረው ወጪ ከኋለኛው እጅግ ያነሰ ነበር። በመጋቢት 2007 የወቅቱ ሚኒስትር ቴሳ ጃዎል ፓርላማ ቀርበው አዲሱን በጀት ሲናገሩ ድምሩ 9.325 ቢሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። በውስጡ 2.7 ቢሊዮን ያህል መጠባበቂያ ነበረበት፤ ለስታዲየሞቹና ለመሠረተ ልማቱ ከተያዘው የግንባታ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። «ገና ሳይጀመር እንደሚሳሳቱ ያውቃሉ ማለት ነው» የሚል ነቀፌታ መምጣቱም አይገርምም።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአንድ ከረጢት ተጠቅልሎ ለገንቢዎቹ አልተሰጠም። ከፊሉ፣ 500 ሚሊዮን ያህሉ፣ ለግንባታ ባለሥልጣኑ ተመደበ፤ ትልቁ ክፍል ግን ከገንቢዎቹ እጅ ውጭ ሆኖ በመንግሥት እጅ ቆየ። ከዚያ ላይ ለመውሰድ ምክንያቱን ይዞ መቅረብና ማሳመን ያስፈልግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምክንያት መጣ። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲፈነዳ፣ የስፖርተኞቹን መንደር በግል ገንዘብ ለመገንባት የታሰበው ዕቅድ ከሸፈ፤ ባንኮች አላበድርም አሉ። መንደሩ በመንግሥት ገንዘብ ተሠራ፣ ከመጠባበቂያውም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ወጣ። በታኅሣሥ 2011 ደግሞ የውድድር ቦታዎቹ የጥበቃ ወጪ ከ282 ሚሊዮን ወደ 553 ሚሊዮን ፓውንድ መዝለሉ ተነገረ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ በጥቅምት 2012 መንግሥት ባወጣው ሪፖርት ከ9.325 ቢሊዮኑ 377 ሚሊዮን ሳይወጣ እንደሚቀር ተገለጸ።

የለንደኑን ታሪክ እንደ ጀብዱ የሚተርኩ አሉ። እርግጥ ነው፣ በትልቅ መጠባበቂያ ውስጥ መቆየት በትንሽ በጀት ውስጥ እንደመቆየት አይከብድም፤ የ2005ቱ ቁጥር ዝቅ ያለ መሆኑም አይረሳም። ለበጀት አዘጋጅ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። መጠባበቂያው ስም ወጥቶለት፣ በአደባባይ ተቆጥሮ፣ ለማውጣትም ፈቃጅ ተበጅቶለት ስለነበር የት እንደገባ መከታተል ተቻለ።

መጠኑ ግን እንዴት ይወሰናል? ለዚህ ከኦሊምፒክ ወርዶ የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮን ማየት ይሻላል፤ አደጋው ግልጽ ነው፣ ዋጋውም ይታወቃል። እንበልና አንድ ድርጅት በአንድ ወረዳ ውስጥ ውኃ የሚሰጡ አሥር ጥልቅ ጉድጓዶች ለማዘጋጀት 80 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፣ አካሄዱ ግን በየትኛውም ዋጋ ይሠራል። የጂኦፊዚክስ ጥናት ተደርጎ ቦታው ቢመረጥም መሬት ውስጥ ያለው በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሪጉ 150 ሜትር ወርዶ ውኃ ላያገኝ ይችላል። ውኃው ተገኝቶም ፓምፕ ሲገባና ሲፈተሽ መጠኑ ሊያንስ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ውኃው በደንብ እየፈሰሰ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ሲደርስ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ከደረቅ ጉድጓድ ይልቅ ያስከፍላል፤ የሚታወቀው ኬዚንጉ ከገባና የፓምፕ ፍተሻው ካለቀ በኋላ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ «ስንቱ ይከሽፋል?» ለሚለው ማስረጃ መፈለግ ነው። መልሱ ከአዘጋጁ ጭንቅላት መምጣት የለበትም። የወረዳው ወይም የዞኑ ውኃ ጽሕፈት ቤት ከዚህ ቀደም የተቆፈሩትን መዝገብ ይዟል። በመዝገቡ ላይ በተመሳሳይ አለት ከተቆፈሩ 25 ጉድጓዶች አምስቱ ከሽፈው ከተገኙ፣ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። የአንድ ደረቅ ጉድጓድ ዋጋም ከቁፋሮ ውል ይገኛል፤ ሜትሩ በ15 ሺህ ብር ለ150 ሜትር 2.25 ሚሊዮን፣ ሪጉን ለማጓጓዝና ለመትከል 750 ሺህ፣ በድምሩ 3 ሚሊዮን ብር። የፓምፕና የሶላር ወጪ ደረቅ ጉድጓድ ላይ ስለማይወጣ አይደመርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራት ስሌት አለች፤ አንድ አምስተኛውን በ3 ሚሊዮን አባዝቶ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 600 ሺህ ብር መያዝ። ቁጥሩ ስህተት የለበትም፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ላለው ድርጅት ግን ምንም አይጠቅመውም። ጉድጓዱ ውኃ ካወጣ ገንዘቡ አያስፈልገውም፤ ካልወጣ ደግሞ የሚያስፈልገው 3 ሚሊዮን ነው፣ በ600 ሺህ ብር ሪግ ተነሥቶ አይመጣም። አማካይ ዋጋ ትርጉም የሚኖረው አደጋው ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻ ያለው ሰው አንድ ሙሉ ተጨማሪ ቁፋሮ መያዝ አለበት፤ በዚያም ከመቶ 96 ዕድል ይሸፈናል። የቀረው አራት በመቶ ሁለተኛውም ጉድጓድ የሚደርቅበት ነው።

አሥር ጉድጓድ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። አሥር ውኃ የሚያወጡ ጉድጓዶች እስኪገኙ ድረስ ስንት ደረቅ ጉድጓድ እንደሚያጋጥም በቀላል የዕድል ስሌት ማወቅ ይቻላል። ሁለት ወይም ከዚያ በታች የመሆኑ ዕድል 56 በመቶ ያህል ነው። ለሦስት የተዘጋጀ ድርጅት 75 በመቶ፣ ለአራት የተዘጋጀ 87 በመቶ ዕድል አለው። በሙያው ቋንቋ እንዲህ ያለው ደረጃ ፒ50፣ ፒ80 እየተባለ ይጠራል፤ ፒ80 ማለት ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ገንዘቡ ይበቃል ማለት ነው። አራት ደረቅ ጉድጓድ 12 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

አሁን ይህንኑ ሥራ አሥር ድርጅቶች አንድ አንድ ጉድጓድ ይዘው ቢሠሩት፣ እያንዳንዳቸውም 3 ሚሊዮን መጠባበቂያ ቢይዙ፣ ጠቅላላው 30 ሚሊዮን ይሆናል። አሥሩም ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጨርሱበት ዕድል ግን 66 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ሁለት ጊዜ ሲደርቅበት የጎረቤቱ 3 ሚሊዮን ሳይነካ ተቀምጧልና። በአንድ ላይ የተያዘው 12 ሚሊዮን ከተበታተነው 30 ሚሊዮን ይበልጥ ያስተማምናል። በየመስመሩ ገንዘብ መደበቅ የሚያስከትለውም ይኸው ነው፤ መጠባበቂያውን ለአሥር ይበትነዋል፣ ከዚያ ሲፈለግ አይገናኝም።

ሌላው እርግጠኛ ያልሆነው ነገር ጥልቀቱ ነው። 150 ሜትር የታሰበው በአማካይ 170 ቢሆን፣ ለአሥሩ ጉድጓዶች 200 ሜትር ተጨማሪ ቁፋሮ፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ብር ይጨምራል። ከ12ቱ ጋር 15 ሚሊዮን። የ80 ሚሊዮኑ 19 በመቶ ያህል ነው።

የውጭ ምንዛሪስ? በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አልፏል። ከውጭ የሚገባ ፓምፕና ሶላር ያለበት በጀት በዚያን ጊዜ የደረሰበትን የቀመሰ ሁሉ «ለምንዛሪ» የሚል መጠባበቂያ ለመጨመር እጁ ይዘረጋል። ነገር ግን መጀመሪያ ድጋፉ በምን ገንዘብ እንደሚመጣ ይታይ። በዶላር የሚመጣ ከሆነ ብር ሲወርድ የሚገኘው ብርም ይጨምራልና ከውጭ ለሚገዛው ዕቃ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ ትንሽ ነው። በብር የተፈቀደ በጀት ከሆነ ግን አደጋው እውነተኛ ነው። በዶላር ለሚመጣ ድጋፍ የምንዛሪ መጠባበቂያ የጠየቀ ሰው ከንቁ ገምጋሚ ፊት አንዴ ከተያዘ፣ የቀረው ስሌቱም በጥርጣሬ ይታያል።

እስካሁን ያለው ከታች ወደ ላይ የተሠራ ስሌት ነው፤ አደጋዎችን አንድ በአንድ መቁጠር። ድክመቱ አዘጋጁ ያላሰበውን አለመቁጠሩ ነው። ስለዚህ በተለይ ለትልልቅ ግንባታዎች ሌላ መለኪያ አብሮ ይወሰዳል፤ ተመሳሳይ ሥራዎች ባለፉት ዓመታት ከበጀታቸው ስንት አልፈዋል? ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቤንት ፍሊውብየርግና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት 258 የትራንስፖርት ግንባታዎችን አይተው የባቡር ሥራዎች በአማካይ 45 በመቶ፣ መንገዶች 20 በመቶ ያህል ከግምታቸው በላይ መውጣታቸውን አገኙ። ከዚያ የተነሣው አሠራር በ2004 በብሪታንያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መመሪያ ሆነ። ለባቡር ነክ ሥራ ገንዘቡ የመብቃት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን 40 በመቶ፣ 80 በመቶ እንዲሆን ደግሞ 57 በመቶ በመነሻው ግምት ላይ ይጨመራል።

በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ከተማ ኤደንብራ ልታሠራው ባሰበችው ሁለተኛ የትራም መስመር ላይ አሠራሩ ተሞከረ። የመነሻው ግምት 255 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ አሠሪዎቹ ሩብ ያህል ጨምረው 320 ሚሊዮን አድርገውታል። ገምጋሚዎቹ በአዲሱ መለኪያ ሲያሰሉት፣ ለ80 በመቶ ዕድል የሚያስፈልገው 400 ሚሊዮን ሆኖ አገኙት። 320ው ከግማሽ በታች ዕድል የነበረው ቁጥር ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ በከተማዋ የተሠራው ትራም መስመሩም በጀቱም ተለውጦ 545 ሚሊዮን ተፈቅዶለት በ2014 ሲከፈት 776 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል።

ወደ ጉድጓዶቹ እንመለስ። 19 በመቶ ይዞ ለጋሽ ፊት የሚቀርብ ሰው ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። የአውሮፓ ኅብረት ለውጭ ሀገር ፕሮጀክቶች በሚሰጠው ድጋፍ መጠባበቂያው ከቀጥታ ወጪዎች ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ለመጠቀምም አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚል ደንብ ሲሠራበት ኖሯል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ደንብ ደግሞ በተለመደ የግምት ዘዴ የተሠላና በበጀት ሰነዱ ላይ የተገለጸ መጠባበቂያን ይቀበላል፤ ለማይታወቅ ነገር ገንዘብን ለብቻው ወደ አንድ ቋት ማስገባትን ግን አይፈቅድም። ሁለቱም የሚጠሉት ስም የሌለውን ገንዘብ ነው።

ይህ ደንብ በትክክል ሲነበብ መውጫውንም ያሳያል። ከአምስት ጉድጓድ አንዱ የሚከሽፍበት ቦታ ላይ ደረቅ ጉድጓድ ያልታሰበ ነገር አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። ስለዚህ «ደረቅ ጉድጓድ፣ ብዛት 3፣ የአንዱ ዋጋ 3 ሚሊዮን» ተብሎ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይሆናል፤ በቁፋሮ ውሉ ላይም ለደረቅ ጉድጓድ የሚከፈለው ዋጋ ለብቻው ይጻፋል። ጥልቀቱም በ150 ፋንታ በ160 ሜትር ይሰላል፣ 1.5 ሚሊዮን ይጨምራል። መነሻው 90.5 ሚሊዮን ይሆናል። በመጠባበቂያነት የሚቀረው አራተኛው ደረቅ ጉድጓድና የቀሩት አሥር አሥር ሜትሮች ናቸው፤ 4.5 ሚሊዮን ብር፣ ከ5 በመቶ ለጥቂት በታች። ድምሩ ያው 95 ሚሊዮን ነው። የተለወጠው ከ15 ሚሊዮኑ ውስጥ 10.5ቱ ስም ማግኘቱ ነው። ከላይ ሲታይ የሒሳብ ማሸጋሸግ ይመስላል፤ ገምጋሚ ግን እያንዳንዱን መስመር ከመዝገብና ከውል ጋር ሊያመሳክረው ስለሚችል ከድበቃ ጋር አይገናኝም።

ከሠንጠረዡ በታች የምትጻፈው ማስታወሻም ረጅም መሆን የለባትም። እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «መጠባበቂያው 4.5 ሚሊዮን ብር ነው። 3 ሚሊዮኑ በዝርዝሩ ከተያዙት ሦስት ደረቅ ጉድጓዶች በላይ ለሚመጣ አንድ ጉድጓድ፣ 1.5 ሚሊዮኑ አማካይ ጥልቀቱ ከ160 እስከ 170 ሜትር ከሆነ። የመክሸፍ ግምቱ የተወሰደው በአካባቢው ከተቆፈሩ 25 ጉድጓዶች መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ተያይዟል። በዚህ ዝግጅት አሥሩም ጉድጓዶች የመጠናቀቃቸው ዕድል 87 በመቶ ያህል ነው። ወጪው የሚፈቀደው የቁፋሮ መዝገቡና የጂኦሎጂስቱ ሪፖርት ሲቀርብ ነው።» ገምጋሚው «አራተኛውን ጉድጓድ አውጡት» ቢል መብቱ ነው። የሚሰጠው መልስም ዝግጁ ነው፤ ዕድሉ ከ87 ወደ 75 ይወርዳል፣ ከአራት ጊዜ አንዱን አንድ ቀበሌ ያለ ውኃ ሊቀር ነው። ያን ጊዜ ክርክሩ ከመቶኛ ወጥቶ የትኛውን አደጋ ማን እንደሚሸከም ወደ መነጋገር ይገባል፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ከተፈቀደ በኋላ የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ለአዲስ ሥራ መዋሉ ነው። «ገንዘብ ካለ ለትምህርት ቤቱም አንድ ቦኖ እንጨምር» የሚል ሐሳብ መልካም ሊሆን ይችላል፣ ግን የሥራ ለውጥ ነው፤ የራሱ ጥያቄና የራሱ ገንዘብ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ማንም ሳይነካው እስከ መጨረሻው ወር ተይዞ ከርሞ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ መበተኑ ነው።

ለዚህኛው መድኃኒቱ በየጊዜው ማስላት ነው። ስድስት ጉድጓዶች ተጠናቀው አንድ ብቻ ደርቋል እንበል። ለአራቱ የቀሩት ሁለት ደረቅ ጉድጓድ ቢያዝ 90 በመቶ ይሸፍናል። ከአራቱ አንዱ ወጥቷል፣ ሁለቱ ይያዛሉ፤ የአንዱ ዋጋ 3 ሚሊዮን ነፃ ሆነ። አሁኑኑ ለለጋሹ ቢነገር ለሌላ ወረዳ ቁፋሮ ይደርሳል።

ስሌቱ ሁሉ የቆመበት አንድ ግምት አለ፤ አንዱ ጉድጓድ መድረቁ ስለሌላው ምንም አይናገርም የሚል። መሬት ግን እንዲህ አይደለችም። አሥሩም በአንድ ዓይነት ባዛልት ላይ፣ በአንድ ጥናት ቦታቸው ከተመረጠ፣ ጥናቱ ሲሳሳት አብረው ይከሽፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉድጓዶች በተከታታይ ቢደርቁ፣ አንድ አምስተኛ የሚለው ግምት ልክ ቢሆን ኖሮ ይህ የሚያጋጥመው ከ125 ጊዜ አንድ ጊዜ ነበር። ስለዚህ መጠርጠር ያለበት ግምቱ ነው። አራተኛውን ለመቆፈር ከመጠባበቂያው ገንዘብ መጠየቅ በዚያ ሰዓት ትክክል አይሆንም። ሪጉ ይቁም፣ ጂኦፊዚክሱ በሌላ ባለሙያ ይታይ፣ የመክሸፍ ዕድሉም ከአዲሱ መረጃ ጋር እንደገና ይሰላ። ይህን የማቆሚያ ደንብ በበጀት ማስታወሻው ላይ «ሦስት በተከታታይ ከደረቁ ቁፋሮው ቆሞ ለለጋሹ ሪፖርት ይደረጋል» ብሎ ከመጀመሪያው መጻፍ ይቻላል፤ የቆመ ሪግ በቀን የሚያስከፍለው ኪራይም በቁፋሮ ውሉ ላይ ዋጋ ወጥቶለት ቢገባ በኋላ ከኮንትራክተሩ ጋር ከመጨቃጨቅ ያድናል።